ኤንድ ፕሌቱ በቡሎን ይታሰር ወይስ ቢሙ በቀጥታ ይበየድ?

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ፎቅ የብረት ፍሬም እየሠራን ነው። ኮለኖቹ ኤችኢቢ 200፣ ቢሞቹ 6 ሜትር ርዝመት ያላቸው አይፒኢ 300 ናቸው። ስዕሉ የቢሙ ጫፍ ላይ 20 ሚሊ ፕሌት ተበይዶ በ6 ኤም20 ቡሎን ከኮለኑ ጋር ይታሰር ይላል። በያጆቹ ግን «ፕሌቱም ቡሎኑም ትርፍ ወጪ ነው፤ ቢሙን አንስተን ኮለኑ ላይ በቀጥታ እንበይደው፤ ብየዳ ይበልጣል» አሉኝ። ማንን ልስማ? ሳይት ላይ ብየዳ የሚመረጠውስ የቱ ጋ ነው?

ምላሽ፦ ስዕሉን ይስሙ። ፕሌቱ ከቢሙ ጋር ወርክሾፕ ውስጥ ይበየድ፤ ሳይት ላይ የሚቀረው ሥራ ቡሎን ማሰር ብቻ ይሁን። ምክንያቱ ቡሎን ከብየዳ ስለሚበረታ አይደለም። በያጆችዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ በደንብ የተበየደ መገጣጠሚያ ከቡሎን ይልቅ ግትር ነው፣ ቀዳዳ ብረቱን አይቀንስበትም፣ ፕሌትም ይቆጥባል። ጭንቀቱ ያለው «በደንብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ4 ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ከራስ በላይ እጅ ተዘርግቶ ሲበየድ ያ ቃል ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፤ አለመጠበቁ ደግሞ በዓይን አይታይም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የጫፉን ሞመንት ስላልጻፉ ለዚህ መጠን ፍሬም የሚመጥን 80 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንትና 90 ኪሎ ኒውተን ሺር፣ ማለትም ቢሙ ወደ ታች የሚጥለው ጭነት፣ ልውሰድ። የብረቱን ደረጃ ኤስ235፣ የቡሎኑን ደረጃ 8.8፣ ስሌቱን በአውሮፓው የብረት ሥራ ኮድ በዩሮኮድ 3 አድርጌያለሁ። ኮለኑም ቢም በአንድ ወገን ብቻ የሚገባበት የጠርዝ ኮለን ነው እንበል።

ሞመንት ማለት እዚህ ጋ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ማለት ነው፤ የቢሙ የላይኛው ፍላንጅ፣ ማለትም አግዳሚው ክንፍ፣ ኮለኑን ይጎትታል፣ የታችኛው ይገፋል። ከፍላንጅ መሀል እስከ ፍላንጅ መሀል 289 ሚሊ አለ። 80ን ለ0.289 ሲያካፍሉ 277 ኪሎ ኒውተን ይመጣል፤ 28 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። በቀጥታ ከተበየደ ይህ ሁሉ በ150 ሚሊ ስፋት ፍላንጅ በኩል ያልፋል። ኮለኑ ማጠንከሪያ ፕሌት ከሌለው ደግሞ ኃይሉ በስፋቱ ላይ እኩል አይከፋፈልም። ኮለኑ ከዌቡ፣ ማለትም ፍላንጆቹን ከሚያገናኘው የመሀል ብረት፣ ፊት ለፊት ግትር፣ ወደ ፍላንጁ ጫፎች ግን ልል ስለሆነ ኃይሉ ወደ መሀል ይሰበሰባል። ኮዱ በዚህ የተነሳ ብየዳው ለ277 ብቻ ሳይሆን ለፍላንጁ ሙሉ አቅም፣ ማለትም ለ377 ኪሎ ኒውተን እንዲበቃ ያዛል። ፍላንጁ ከላይም ከታችም ሲበየድ 263 ሚሊ ያህል የብየዳ ርዝመት ይገኛል። ያ ርዝመት 377ን የሚሸከመው የፊሌቱ፣ ማለትም ጥጉን የሚሞላው ባለ ሦስት ማዕዘን ብየዳ፣ እግር 10 ሚሊ ሲሆን ነው። 10 ሚሊ ፊሌት በአንድ ጉዞ አይሞላም፤ በኤሌክትሮድ ቢያንስ ሦስት ጉዞ ይፈልጋል፤ በየጉዞው መሀል ሽፋኑ ተቀጥቅጦ በብሩሽ መጽዳት አለበት። ከአንዱ መገጣጠሚያ አራት የፍላንጅ ብየዳዎች ሁለቱ፣ ማለትም የሁለቱም ፍላንጆች የታች ፊት፣ ከራስ በላይ የሚበየዱ ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ቢሙ ይገለበጣል፤ ያው ብየዳ ወደ ታች እየታየ ይሠራል። የቦታው ልዩነት ከሁሉም የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ኮለኑን እንይ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። 277 ኪሎ ኒውተኑ በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ያለውን የኮለን ዌብ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ኤችኢቢ 200 ለዚህ መቆረጥ 303 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ ስለዚህ ያልፋል፤ ግን ብዙ ትርፍ የለውም። አንድ ሰው ወጪ ለመቀነስ ኮለኑን ወደ ኤችኢኤ 200 ቢለውጠው አቅሙ ወደ 221 ይወርዳል፤ ያኔ ቡሎንም ሆነ ብየዳ መገጣጠሚያውን አያድነውም። «ብየዳ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚሸነፈው ኮለኑ ሊሆን ይችላል።

ቡሎኑ ጋ እንሂድ። ፕሌቱ ከቢሙ የላይ ፍላንጅ በላይ ወጣ ብሎ ይዘልቃል። አንዱ ጥንድ ቡሎን ከፍላንጁ በላይ፣ ሁለተኛው ከፍላንጁ በታች፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው ፍላንጅ ተጠግቶ ይገባል። ስድስቱ ቡሎኖች እነዚህ ናቸው። የላይኛው ጥንድ ከታችኛው ፍላንጅ መሀል 340 ሚሊ ይርቃል። አንድ ኤም20 ባለ 8.8 ቡሎን በጉተታ 141 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ ጥንዱ 282 ማለት ነው። ሆኖም 282 ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ ፕሌቱ ሲጎተት እንደ ምላስ ስለሚታጠፍና ጠርዙ ተመልሶ ኮለኑን ስለሚገፋ ቡሎኑ ላይ ተጨማሪ ጉተታ ይፈጠራል። 180 ሚሊ ስፋት ባለው 20 ሚሊ ፕሌት፣ ቡሎኖቹ ከፍላንጁ 45 ሚሊ ርቀው ሲቀመጡ፣ ጥንዱ የሚያሳልፈው 200 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። 200 በ0.34 ሲባዛ 68 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። የቀረውን 12 ሁለተኛው ጥንድ በ240 ሚሊ ክንድ 50 ኪሎ ኒውተን ብቻ ተሸክሞ ይሞላዋል። የታችኛው ጥንድ በሺር 188 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ የሚያስፈልገው 90 ነው። ኮለኑን የሚገፋው ኃይልም 277 መሆኑ ቀርቶ 250 ይሆናል፤ ምክንያቱም ወጣ ያለው ፕሌት ክንዱን አስረዝሞታል። ኮለኑን እንኳን የሚያሳርፈው ቡሎኑ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ የፕሌቱን ውፍረት ይያዙ። «20 ሚሊ አጣን» ተብሎ 12 ሚሊ ቢገባ፣ የላይኛው ጥንድ የሚያሳልፈው ኃይል ከ200 ወደ 80 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። ቡሎኖቹ ምንም አይሆኑም፤ ፕሌቱ ግን ይታጠፋል። ከውጭ የሚታየው ምልክት በፕሌቱና በኮለኑ መካከል ከላይኛው ፍላንጅ አጠገብ የሚከፈት ቀጭን ክፍተት ነው። ፕሌት ሲረከቡ በካሊፐር ይለኩት፤ በዓይን ግምት አይተማመኑ።

ሳይት ላይ በቀጥታ ቢበየድስ ምን ይበላሻል? መጀመሪያ ልኩ። ኮለን ፍጹም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የተቆረጠ ቢምም ጫፉ ፍጹም ዘጠና ዲግሪ አይሆንም። በአንድ ጥግ ነክቶ በሌላው ጥግ 4 ሚሊ ክፍተት መተው የተለመደ ነው። ክፍተቱ ከ2 ሚሊ ሲያልፍ የፊሌቱ እግር በክፍተቱ ልክ መጨመር አለበት፤ እዚያ ጋ 10 ሚሊ የነበረው 14 ሚሊ መሆን ነበረበት ማለት ነው። ከ5 ሚሊ በላይ ከሆነ ጭርሱን ቢሙ ወርዶ መስተካከል አለበት። በተግባር የሚደረገው ግን ክፍተቱ ውስጥ የፌሮ ቁራጭ ወይም የኤሌክትሮድ ትራፊ ከቶ ከላይ አሳምሮ መሸፈን ነው። ከላይ ሲታይ የጌታ ብየዳ ይመስላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ፊሌት ብየዳን በጨረርም ሆነ በአልትራሳውንድ አጥርቶ መመርመር አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከተሸፈነ በኋላ የሚይዘው የለም።

ቀጥሎ መኮማተር አለ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል፤ ከባድ የፍላንጅ ብየዳ 1 እስከ 3 ሚሊ ይስባል። አንድ ቢም ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንድ መስመር አራት ቢም ካለ ስምንት ብየዳ ማለት ነው። በመጀመሪያ በቱንቢ ቀጥ ብለው የነበሩት የዳር ኮለኖች ሥራው ሲያልቅ ወደ ውስጥ አጋድለው ይገኛሉ፤ ያኔ ማን እንዳጋደላቸው ማንም አያውቅም።

ነፋስና እርጥበትም አሉ። በጋዝ የሚሸፈን ብየዳ ነፋሱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ካለፈ ጋዙ ይበተናል፤ ያ ደግሞ ፊት ላይ ገና የሚሰማ ለስላሳ ነፋስ ነው። ከዚያ በኋላ ብየዳው እንደ ስፖንጅ በቀዳዳ ይሞላል። ስለዚህ ሳይት ላይ ሜዳ ላይ የሚሠራው በተለመደው ኤሌክትሮድ ነው፤ ለፍሬም ደግሞ ኢ7018 ይመረጣል። ይህ ኤሌክትሮድ ግን እርጥበት ይጠጣል። ፓኮው ከተከፈተ በኋላ ከምድጃ ወይም ከሚያሞቅ ሣጥን ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የጠጣው እርጥበት በብየዳው ውስጥ ሃይድሮጂን ይሆናል፤ ስንጥቁም ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚመጣው። በያጁ ኤሌክትሮዱን በኪሱ ይዞ ሲዞር ካዩት መልሱ ተገኘ።

ይህ ሁሉ የአነስተኛ ሥራ ችግር ብቻ አይደለም። በጥር 17 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አካባቢ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ ከመቶ በላይ የብረት ሕንፃዎች ላይ በሳይት የተበየዱ የቢምና የኮለን መገጣጠሚያዎች ተሰንጥቀው ተገኙ። በብዛት የተሰነጠቀው የታችኛው ፍላንጅ ብየዳ ነበር። ምክንያቱም ከላይ ወደ ታች የሚበይደው ሰው የቢሙ ዌብ መንገድ ስለሚዘጋበት ልክ መሀል ላይ፣ ኃይሉ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ ብየዳውን አቁሞ ከሌላው ወገን እንደገና ይጀምራል። ከሥር የተቀመጠው መደገፊያ ብረትም ሳይነሣ ቀርቶ ለስንጥቅ መነሻ ሆኖ ነበር፤ የብየዳ ብረቱም ለድንገተኛ ኃይል ተሰባሪ ዓይነት ነበር። እስከዚያ ድረስ ይህ አሠራር ከሁሉም አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

የቡሎኑም ሥራ የራሱ ጣጣ አለው፤ ልዩነቱ ጣጣው መታየቱ ነው። ቀዳዳው አልገጥም ይላል፤ ያኔ ሁሉም ሰው ያየዋል። ለኤም20 የሚቆፈረው ቀዳዳ 22 ሚሊ ስለሆነ ይቅር የሚለው ስህተት 2 ሚሊ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ በትንሹ ከተዛነፉ በሪመር ወደ 26 ሚሊ ይሰፉና ኤም24 ቡሎን ይገባባቸዋል። በዚህ ስዕል ከቀዳዳው መሀል እስከ ፕሌቱ ጠርዝ 40 ሚሊ ስላለ በቂ ነው፤ ቢያንስ የሚያስፈልገው የቀዳዳው 1.2 እጥፍ፣ 31 ሚሊ ገደማ ነው። በፍጹም መደረግ የሌለበት ቀዳዳውን በኦክስጅን መብላት ነው። እሳት የበላው ቀዳዳ ክብ አይሆንም፤ ቡሎኑ በአንድ ነጥብ ብቻ ይነካል፣ ሮንዴላውም አይሸፍነውም።

ሁለተኛው ጣጣ ርዝመት ነው። ሁለት ጫፉ ላይ ፕሌት ያለው ቢም በሁለት ኮለኖች መካከል እንደ መሳቢያ ስለሚገባ፣ በ2 ሚሊ ከረዘመ ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ ወርክሾፑ ቢሙን ሆን ብሎ በጠቅላላው 3 ሚሊ ያህል ያሳጥረዋል፤ ክፍተቱም 1 እና 2 ሚሊ ውፍረት ባላቸው የሺም ፕሌቶች ይሞላል። ሺሙ ቡሎኖቹን የሚያቅፍ ሹካ ቅርጽ ይኑረው። በተለይ ከታችኛው ፍላንጅ ትይዩ መኖሩ ግድ ነው፤ ግፊቱ የሚያልፈው እዚያ ነው። እዚያ ክፍተት ተትቶ ቡሎን ብቻ ከጠበቀ ፕሌቱ ይጎብጣል እንጂ ክፍተቱ አይሞላም።

አሰራሩ እንዲህ ይሁን። ቢሙ 250 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክሬኑ ከመልቀቁ በፊት በየጫፉ ቢያንስ ሁለት ቡሎን ዳዷቸው ተይዞ መግባት አለባቸው። ሁሉም ቢሞች ከገቡ በኋላ ኮለኖቹ በቱንቢ ወይም በሌቭል መሣሪያ ይስተካከላሉ። ከዚያ ብቻ ነው ቡሎኖቹ ከመገጣጠሚያው መሀል ወደ ዳር እየተፈራረቁ የሚጠብቁት። በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው በተራ ቁልፍ ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቃል፤ ፕሌቱና ኮለኑ ተጣብቀው መታየት አለባቸው። ጭነቱ ጸጥ ያለ ለሆነ ፍሬም ይህ ይበቃል። ክሬን የሚሄድበት፣ ማሽን የሚያናውጠው ወይም ለመሬት መንቀጥቀጥ የተሰላ ከሆነ ግን ተጨማሪ ማጥበቅ ያስፈልጋል። እዚህ የሚገባው ቡሎን 65 ሚሊ ገደማ ርዝመት ስላለው ዳዶውን አንድ ሦስተኛ ዙር ማዞር ማለት ነው። ከመዞሩ በፊት በዳዶው፣ በቡሎኑ ጫፍና በፕሌቱ ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። በኋላ የሚዞረው ተቆጣጣሪ የመስመሩን መሰበር አይቶ ያውቃል፤ ቁልፍ መያዝ አያስፈልገውም። ከዳዶው ውጭ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጥርስ መታየት አለበት።

እንዳይላላ ብሎ ዳዶውን ከቡሎኑ ጋር ነጥብ በነጥብ መበየድ በየሳይቱ የማየው ልማድ ነው፤ አይደረግ። 8.8ም ሆነ 10.9 ቡሎን ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው። የብየዳው ሙቀት ያን ያጠፋል፣ አጠገቡንም ተሰባሪ ያደርጋል። ያጠነከሩት ሲመስላቸው ያዳክሙታል።

ወደ ጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል ልምጣ። ሳይት ላይ ብየዳ በትክክል የሚመረጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከሁሉ ግልጹ ብረት ከኮንክሪት ጋር የሚገናኝበት ነው። የሊፍት ግድግዳ ላይ ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ የተጣለ ፕሌት ከተባለው ቦታ 20 ሚሊ ተንሸራቶ ቢገኝ ማንም አይደነቅም፤ የኮንክሪት ሥራ ልኩ ይኸው ነው። 2 ሚሊ ይቅርታ ያለው የቡሎን ቀዳዳ እዚያ ላይ ከንቱ ነው። ስለዚህ አብሮ በተጣለው ፕሌት ላይ፣ የትም ይሁን፣ ቀጭን ቋሚ ፕሌት በትክክለኛው ቦታ ተለክቶ ሳይት ላይ ይበየድበታል። ቢሙ ደግሞ ከዚያ ቋሚ ፕሌት ጋር በቡሎን ይታሰራል። ቋሚ ፕሌቱ ሺር ብቻ ስለሚያሳልፍና በያጁ ቆሞ ፊት ለፊት ስለሚሠራው ብየዳው ቀላልና በመለኪያ የሚፈተሽ ነው። ስህተቱን ብየዳው ይውጣል፣ መገጣጠሙን ቡሎኑ ያፈጥናል።

ሌላው ቆሞ ያለን ፍሬም ማጠንከር ነው። ጭነት የተሸከመ ቢም ላይ ቀዳዳ መቆፈር ብረቱን ስለሚቀንሰው፣ የታችኛው ፍላንጅ ላይ ፕሌት በፊሌት መበየድ ይሻላል፤ ብየዳው ግን በአጭር በአጭሩ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ መሄድ አለበት። እንደ ሳጥን የተዘጉ ቱቦላሬዎችም ዳዶ የሚይዝ እጅ ስለማይገባባቸው ሳይት ላይ እርስ በርስ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በብየዳ ነው፤ ረጅም ትረስ ከሆነ ግን ጫፎቹ ላይ ፕሌት ወርክሾፕ ውስጥ ተበይዶ በቡሎን እንዲገጣጠም ማድረግ ይቻላል። ደረጃ፣ መደገፊያ፣ አነስተኛ ድጋፍ ብረቶች ሳይት ላይ ቢበየዱ ግድ የለም።

በመጨረሻም፣ በያጆቹ «እንግዲያው ቡሎኑ ላይ ብየዳ ጨምረን እናጠንክረው» ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱ በአንድ መገጣጠሚያ ጭነት አይካፈሉም። ቡሎኑ ሥራ የሚጀምረው መገጣጠሚያው ተንሸራቶ የቀዳዳውን 2 ሚሊ ልቅነት ሲጨርስ ነው። ብየዳው ግን ያን ያህል ሳይንቀሳቀስ ሙሉውን ጭነት ተሸክሞ ይሰነጠቃል፤ ቡሎኑ የሚነሣው ብየዳው ከተሰበረ በኋላ ነው። አንድ ቡሎን አልገባ ካለ ከጎኑ ብየዳ አይጨመርለትም፤ ቀዳዳው ይሰፋና ኤም24 ይገባበታል፤ ያም ካልሆነ ዲዛይነሩ ይጠየቃል። በያጆችዎን በተመለከተ፣ ጎበዞቹን ወርክሾፑ ውስጥ ኤንድ ፕሌቱን በሚበይደው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው። ፕሌቱ በፍላንጁ ብየዳ ሙቀት ወደ ኋላ እንዳይቆለመም ሁለት ቢሞች ፕሌታቸው ጀርባ ለጀርባ በቡሎን ታስሮ ይበየድ። ከቀዘቀዘ በኋላ ቡሎኑ ሲፈታ ፕሌቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው ይዩ። መሀሉ ከ1 ሚሊ በላይ ከሸሸ ቢሙ ሳይት ከመድረሱ በፊት እዚያው ይስተካከል።